አንድ ፊሽካ፣ ሦስት አቅም፦ አቅሙ ለተደባለቀ ክፍል የሰርኪዩት ልምምድ አዘገጃጀት

24 ተማሪዎች ፊታችሁ ቆመዋል። አንዱ በየቀኑ የሚሮጥ ነው። አንዷ ከጉልበት ጉዳት ገና መመለሷ ነው። የቀሩት መሀል ላይ ናቸው፤ እሱም ቢሆን እርስ በርሱ የማይመሳሰል መሀል ነው። "ሁላችሁም 20 ፑሽአፕ!" ስትሉ ሯጩ ቶሎ ጨርሶ ወሬ ይጀምራል። ሌላው አራተኛው ላይ ወገቡ ይሰምጣል፤ ሁሉም ሰው ቆሞ እሱ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል።

በሰዓት የሚሠራ ሰርኪዩት፣ ማለትም በክብ በተደረደሩ ጣቢያዎች እየተዘዋወሩ በየጣቢያው የተለያየ እንቅስቃሴ የሚሠራበት ልምምድ፣ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ይህንን ነው። ሥራው በቁጥር ሳይሆን በሰከንድ ሲለካ ቀድሞ የሚጨርስ የለም፣ መጨረሻ የሚቀርም የለም። ሁሉም በአንድ ፊሽካ ይጀምራል፣ በአንድ ፊሽካ ይዘዋወራል።

ሰዓት ግን የራሱ ተንኮል አለው። ጠንካራው 30 ሰከንዱን በቀስታ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ማንም አያውቅበትም። ደካማው ደግሞ ጓደኛውን እያየ ይሮጥና በ10ኛው ሰከንድ አቋሙ ይፈርሳል። ስለዚህ ሰዓቱ የጋራ ሆኖ ልኩ የየግል መሆን አለበት። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሞርጋን እና አዳምሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ በ1953 እ.ኤ.አ. ሰርኪዩትን ሲያዘጋጁ፣ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የሚችለውን ያህል ሠርቶ ይፈተን ነበር። የልምምዱ ልክ ከዚያ ውጤት ላይ ነበር የሚወሰነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ጣቢያዎቹን ወስደን ፈተናውን ትተነዋል።

ከዚህ በታች ያለው የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ 24 ተማሪ እና 8 ጣቢያ ይዞ የተሠራ ነው። በየጣቢያው ሦስት ሦስት ሰው ይቆማል።

መጀመሪያ ደቂቃውን መቁረጥ

ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚጀምረው ከእንቅስቃሴ ምርጫ ነው። እኔ ከሰዓቱ ነው የምጀምረው፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

በየጣቢያው የሚቆየው ጊዜ በትክክል 60 ሰከንድ ይሁን። ይህ ደቂቃ ለማንም አይነካም። በውስጡ ግን ሦስት ማቆሚያዎች አሉ። ደቂቃው ሲጀምር አንድ ረጅም ፊሽካ ይነፋል። 20ኛው ሰከንድ ላይ "ሃያ!" ብላችሁ ትጮኻላችሁ። 30ኛው ላይ "ሠላሳ!" ትላላችሁ። 40ኛው ላይ ሁለት አጭር ፊሽካ ይነፋና ሁሉም ወደሚቀጥለው ጣቢያ ይሄዳል። የቀሩት 20 ሰከንዶች ለመዘዋወርና ለመዘጋጀት ናቸው።

እንግዲህ በአንድ የጋራ ሰዓት ሦስት ዓይነት ትምህርት እየተካሄደ ነው ማለት ነው። አንዷ 20 ሰከንድ ሠርታ 40 ታርፋለች። ሌላው 30 ሠርቶ 30 ያርፋል። ሯጩ 40 ሠርቶ 20 ብቻ ያርፋል። ሯጩ የሠራው ጊዜ የመጀመሪያዋን እጥፍ ነው፣ ዕረፍቱ ደግሞ ግማሽ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን ሁሉም አንድ ላይ ሲዞር ነው የሚያየው። ቀድሞ ያቆመ ሰው እዚያው ጣቢያው ላይ ቆሞ እግሩን እያንቀሳቀሰ ይጠብቃል። አይቀመጥም፣ ወደሚቀጥለው ጣቢያም ቀድሞ አይሄድም።

ስልክ ላይ የሰዓት ቆጣሪ መተግበሪያ ካላችሁ 20፣ 10፣ 10፣ 20 ብላችሁ ሙሉት። በእጅ ሰዓት እያዩ መጥራትም ይቻላል፤ ግን ዓይናችሁ ከልጆቹ ላይ ወደ ሰዓቱ ስለሚሄድ አልመክረውም።

8 ጣቢያ በ1 ደቂቃ ሲባዛ አንድ ዙር 8 ደቂቃ ነው። ሁለት ዙር 16፣ በመሀል የ2 ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመር 18 ደቂቃ ይሆናል። ለመሰብሰብና ስም ለመጥራት 5፣ ለማሟሟቅ 8፣ ጣቢያዎቹን ለማሳየት 6፣ ሰውነት ለማቀዝቀዝና ለማሳሳብ 5 ደቂቃ ስጡ። 3 ደቂቃ ትተርፋለች። ትትረፍ፤ ገመድ የሚጠፋው፣ ጫማ የሚፈታው ሁልጊዜ በእሷ ነው።

ጣቢያዎቹን ክብ ላይ መደርደር

ሕጉ ቀላል ነው። እግርን የሚያደክም ጣቢያ ቀጥሎ እጅን ወይም መሀል አካልን የሚያሠራ ይምጣ። ጎዶሎ ቁጥሮቹን ለእግርና ለትንፋሽ፣ ተጋማሽ ቁጥሮቹን ለእጅና ለሆድ ስጡ፦

1. ስኳት
2. ፑሽአፕ
3. ገመድ ዝላይ
4. ላስቲክ ወደ ደረት መሳብ
5. ከፍታ ላይ መውጣትና መውረድ
6. ፕላንክ
7. በሁለት ኮኖች መካከል፣ በ5 ሜትር ርቀት፣ መመላለስ
8. በጀርባ ተኝቶ ተቃራኒ እጅና እግርን ቀስ ብሎ ማውረድ

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። አንድ ጣቢያ ዕቃ ጎድሎኝ 7 ብቻ አስቀመጥኩ። ወረቀት ላይ ሳየው ምንም ችግር የለውም፤ እግር፣ እጅ፣ እግር፣ እጅ እያለ ይሄዳል። ክብ መሆኑን ረስቼዋለሁ። 7ኛው መመላለስ ነበር፣ 1ኛው ስኳት። ከ7 ወደ 1 የሚያልፍ ሁሉ እግሩን ደግሞ በእግር ሠራ ማለት ነው። ሦስት ልጆች ደግሞ ገና ሲጀምሩ 7 ላይ ስለነበሩ፣ ሁለተኛ ደቂቃቸው ላይ ጭናቸው ተቃጠለ። ዝርዝር መጨረሻ አለው፣ ክብ ግን የለውም። ስለዚህ የጣቢያዎቹ ብዛት ተጋማሽ ቁጥር ይሁን፤ የመጨረሻውንና የመጀመሪያውንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። አንድ ጣቢያ ከጎደለ 7 ከማድረግ 6 አድርጋችሁ አራት አራት ሰው መድቡ።

ዕቃውንም በሦስት ሰው ልክ ቁጠሩ። ሁለት ገመድ ለሦስት ሰው ካስቀመጣችሁ አንዱ ደቂቃውን ሙሉ ተመልካች ነው። ሦስተኛ ገመድ ከሌለ መሬት ላይ መስመር አስምሩና ሦስተኛው መስመሩን ወዲያና ወዲህ ይዝለል።

በየጣቢያው ሦስት አማራጭ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። በየጣቢያው አንድ ካርድ ይለጠፋል፤ ካርዱ ላይ ሦስት ሥዕል አለ። "ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጎበዝ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሀ፣ ለ፣ ሐ በቂ ነው። ፊደሉ የልጁ ሳይሆን የእንቅስቃሴው ነው። ያው ልጅ ፑሽአፕ ላይ ሀ፣ መመላለስ ላይ ሐ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያ ነው። በቡድን ከፍላችሁ "እናንተ የሀ ናችሁ" ካላችሁ ይህን ሁሉ ታጡታላችሁ።

እንቅስቃሴን ለማቅለል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ቀስ ብለህ ሥራ" ነው። አንዳንዱ እንቅስቃሴ ግን በዝግታ ሲሠራ ይከብዳል። ፑሽአፕን ቀስ ብላችሁ ሞክሩትና ታዩታላችሁ። ከፍጥነት በፊት የሚነኩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የሰውነት ዘንበል ማለት፣ የሚወረድበት ጥልቀት፣ እና እግር ከመሬት መነሳቱና አለመነሳቱ።

ፑሽአፕን እንውሰድ። ሀ እጅ ግድግዳ ላይ ነው። ለ እጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ሐ እጅ መሬት ላይ ነው። እጅ ከፍ ባለ ቁጥር እጅ የሚሸከመው የሰውነት ክብደት ይቀንሳል። በጉልበት መንበርከክን የማላስቀምጠው ሆን ብዬ ነው። ከጉልበት ወደ ጣት የሚደረገው ዝላይ ትልቅ ነው፤ በመሀል ማረፊያ የለውም። ከፍታን ግን ከጠረጴዛ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ዝቅተኛ ደረጃ እያላችሁ በትንሽ በትንሹ ማውረድ ትችላላችሁ። አካሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከተረከዝ እስከ ራስ ቀጥ ማለትን ይለምዳል።

ስኳት ላይ የሚቀየረው ጥልቀቱ ነው። ሀ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት ነው። ለ ወንበሩን በመቀመጫ ነክቶ መነሳት። ሐ ያለ ወንበር፣ ጭን ከመሬት ጋር እስኪስተካከል መውረድ። ጉልበቷን ለታመመችው ልጅ ከፍ ያለ ወንበር ይበቃታል፤ ሐኪሟ የከለከላት ነገር ካለ ግን እሱ ይቀድማል። መመላለስ ላይ ደግሞ ሀ ፈጣን እርምጃ፣ ለ ሶምሶማ፣ ሐ ኮኑ ጋ ደርሶ መሬት ነክቶ መመለስ ነው።

ገመድ ዝላይ ለብቻው ይታይ። እዚህ ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ትንፋሽ ሳይሆን ችሎታ ነው። ገመድ መዝለል ያልለመደ ጠንካራ ልጅ በየሁለት ዝላዩ ይጠለፋል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይጀምራል። ሲታይ የሚለፋ ይመስላል፤ ልቡ ግን እያረፈ ነው። ስለዚህ ሀ በቦታ መርገጥ፣ ለ ያለ ገመድ እጅን እያዞሩ መዝለል፣ ሐ በገመድ ይሁን። ከሦስት ጊዜ በላይ የተጠለፈ ወዲያው ገመዱን ጥሎ ለ ይሥራ። ገመድ መለማመድ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ፕላንክ ላይ ትንፋሽ መያዝ የተለመደ ጥፋት ነው። ሀ ክንድን አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ለ መሬት ላይ፣ ሐ መሬት ላይ ሆኖ እግርን ተራ በተራ ማንሳት ይሁንና፣ ሁሉም ድምፁን አውጥቶ ይቁጠር። እየቆጠረ ትንፋሹን መያዝ የሚችል የለም። የቀሩትን ጣቢያዎች በዚሁ መንገድ ራሳችሁ ትሞሏቸዋላችሁ፤ ላስቲክ ሲያጥር ይከብዳል፣ የሚወጣበት ከፍታ ሲጨምር ይከብዳል።

የየግል ቁጥር ማውጣት

ከመጀመሪያው ሰርኪዩት በፊት ያለውን ክፍለ ጊዜ ለፈተና አውሉት። ተማሪው በየጣቢያው አንዱን ፊደል ይመርጣል። አቋሙ ሳይበላሽ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጓደኛው ይቆጥርለታል። የተበላሸ አይቆጠርም። ፕላንክ ላይ የሚቆጠረው ሳይወርድ የቆየበት ሰከንድ ነው። ከ6 በታች የሠራ ፊደሉ ከብዶታል፤ ወደ ታች ይውረድና ትንሽ አርፎ ይድገም።

ከዚያ የፈተናውን ቁጥር ሁለት ሦስተኛ ያዙ። የሰርኪዩቱ ፍጥነት እሱ ነው። ለምን ሙሉው አልሆነም? ፈተናው አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ትኩስ ሆኖ። ሰርኪዩቱ ግን 16 ጊዜ ነው። በሙሉ ፍጥነት የጀመረ ሰው ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ያልቅለታል።

ሦስት ሰው ይዘን ፑሽአፕ ጣቢያ ላይ እንቁም። ሯጩ ሐ ላይ በ30 ሰከንድ 24 ሠራ። ሁለት ሦስተኛው 16 ነው። እሱ የሚሠራው እስከ 40 ስለሆነ ግቡ 21 ይሆናል። መካከለኛው ለ ላይ 15 ሠራ፤ እስከ 30 ይሠራል፣ ግቡ 10። ከጉዳት የተመለሰችው ሀ ላይ 12 ሠራች። ሁለት ሦስተኛው 8 ነው፤ እስከ 20 ስለምትሠራ ግቧ 5 ነው። ሦስቱም ጎን ለጎን ናቸው። ሦስቱም የሚሠሩት በየራሳቸው አቅም ሁለት ሦስተኛ ነው። ሯጩ ከእንግዲህ ተዝናንቶ ማሳለፍ አይችልም፣ 21 አለበት። እሷም እሱን ማየት አያስፈልጋትም፣ 5 ይበቃታል።

ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ይዘው ይዙሩ። ሁለቱንም ዙር ይጽፉበታል። በየጣቢያው እርሳስ እሰሩ፤ ካልታሰረ አይገኝም።

ሲሠራ ምን ታያላችሁ?

ጣቢያዎቹን ስታሳዩ ሁሉንም አማራጭ አትዘርዝሩ። "ለ"ን ብቻ አሳዩ፣ ቀሪው ካርዱ ላይ አለ። በየጣቢያው ከ40 ሰከንድ በላይ ካወራችሁ 6 ደቂቃው አይበቃችሁም፤ የሞቀው ሰውነትም ይቀዘቅዛል።

ዙሩ ሲጀመር ከክቡ ውጭ ቁሙ። መሀል ከቆማችሁ ግማሹ ክፍል ከጀርባችሁ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ከፍታ መውጫው አጠገብ አሳልፉ፤ የመውደቅ አደጋ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ሆናችሁ በየተራ የሚመጡትን ስለምታዩ፣ በ8 ደቂቃ ውስጥ 24ቱም በፊታችሁ ያልፋሉ።

ጫናውን ለመለካት ልብ ምት አላስቆጥርም። ጣት ደም ሥሩን እስኪያገኝ ምቱ ይወርዳል፣ ልጆቹም ይሳሳታሉ። ከዚያ ይልቅ በዕረፍቱ ሰከንዶች አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስወሩ። "ወረቀትህ ላይ ስንት ጻፍክ?" በቂ ጥያቄ ነው። በአንድ ትንፋሽ ዘና ብሎ የመለሰ ገና ነው። ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ የመለሰ ልክ ላይ ነው። አንድ ቃል ብቻ አውጥቶ እጁን ያነሳ በዝቶበታል፤ የሚቀጥለውን ደቂቃ አንድ ማቆሚያ ቀድሞ ያቁም። ከ0 እስከ 10 ድካማቸውን እንዲሰጡ ማድረግም ይቻላል። የመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ 5 ወይም 6፣ የሁለተኛው ላይ 7 ገደማ ቢሉ ጥሩ ነው።

የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ወይም ድንገተኛ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ የፊደል ጉዳይ አይደለም። ሥራው ይቆማል፣ እርዳታ ይፈለጋል። አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱ ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን ሜዳው ዳር ይሁን።

ወረቀቱን ማንበብ

ክፍሉ ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰብስቡ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። ከአምስት አንድ እጅ በላይ ከወረደ ግን አንድ ነገር አለ።

የመካከለኛው ልጅ ወረቀት ፑሽአፕ ላይ 10፣ ቀጥሎ 6 ይላል እንበል። በአራት ወርዷል፣ ብዙ ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መጀመሪያ ላይ ተጣድፏል፣ ወይ የወንበሩ ከፍታ ገና አይመጥነውም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በየ3 ሰከንዱ አንድ እንዲሠራ አድርጉ፤ በ30 ሰከንድ 10 ይመጣል ማለት ነው። እንዲህ ሠርቶ ሁለተኛው ዙር ላይ 9 ካመጣ ችግሩ ጥድፊያ ነበር። አሁንም 6 ወይም 7 ላይ ከቆመ እጁን ከፍ ወዳለ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ጠረጴዛ፣ ውሰዱት። ቁጥሩ በሁሉም ጣቢያ ከወረደ ደግሞ ነገሩ የፑሽአፕ አይደለም፤ ማቆሚያውን ከ30 ወደ 20 መልሱለት።

በሌላ በኩል ሁለቱ ዙሮች እኩል ከሆኑና ድካሙን 5 ወይም ከዚያ በታች ካለ፣ ለሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ እንደዚያ መሆኑን አይታችሁ ከፍ አድርጉት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ ማቆሚያው ይሂድ፣ ከ20 ወደ 30፣ ከ30 ወደ 40። 40 ላይ ከተደላደለ ፊደሉ ይቀየር። ፊደሉ ሲቀየር ማቆሚያው ወደ 20 ይመለሳል፤ በአዲሱ ፊደል አንድ የ30 ሰከንድ ፈተና ወስዶም አዲስ ቁጥር ያወጣል።

ይህን መመለስ ልጆቹ አይወዱትም። "ወደ ኋላ ሄድኩ እንዴ?" ይላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ከፍ ያደረገ ልጅ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱ ላይ 8 እና 3 ጽፎ ይመጣል። ከዚያ የከበደው ፊደሉ ይሁን ሰከንዱ እናንተም እሱም አታውቁም።

ከጉልበት ጉዳት የተመለሰችው ልጅ በዚህ አካሄድ ስኳት ላይ ረጅም ጊዜ ሀ ላይ ልትቆይ ትችላለች። ላስቲክ ላይ ደግሞ ሯጩን ልትበልጠው ትችላለች። ሯጮች ብዙ ጊዜ እጃቸው ሰነፍ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ላይ ላስቲክ ጎን ሀ ብሎ ሲጽፍ ጎረቤቱን ሰርቆ የሚያይ ሯጭ አይጠፋም።